የሶላር ሪተርን ቻርት፦ ከልደት እስከ ልደት ያለውን ዓመት ደረጃ በደረጃ ማውጣትና ማንበብ

አንድ ጥያቄ አለ፤ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል እንጂ አይቀርም። «ሶላር ሪተርኔን ሁለት ቦታ አሠራሁት። አንዱ አሴንዳንትህ ቀውስ ነው አለኝ፣ ሌላው አቅራብ። የቱን ልመን?» አሴንዳንት ቻርቱ በሚወጣበት ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ ላይ እየወጣ ያለው የዞዲያክ ነጥብ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ሁለቱም ልክ ናቸው» ነው። የተለያየ መልስ የሰጡት የተለያየ ነገር ተሞልቶላቸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙውን ጊዜ የምንቆየው ቻርቱን በትክክል ማውጣቱ ላይ ነው። ንባቡ ከዚያ በኋላ ያን ያህል አይከብድም።

ሶላር ሪተርን ማለት ፀሐይ እናንተ ስትወለዱ ወደነበረችበት ዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ ስትመለስ ለዚያች ቅጽበት የሚወጣ ቻርት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ኮከብ ቆጣሪዎች ያቺን ቅጽበት እንደ ዓመቱ ልደት ይቆጥሯታል። ቻርቱ የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው መመለሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጊዜው አልፎበታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የተወለዳችሁበት ቀን፣ ሰዓት ከነደቂቃው እና ቦታ
- የልደት ቻርታችሁ (ሶላር ሪተርን ብቻውን አይነበብም)
- በዘንድሮው ልደታችሁ ቀን የምትገኙበት ቦታ
- ቻርት የሚያወጣ ፕሮግራም ወይም ድረ ገጽ። በAstro.com ላይ Extended Chart Selection ውስጥ ገብታችሁ Solar Return Chart የሚለውን መምረጥ ነው።
- በእጃችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኤፈመሪስ፣ ማለትም ፕላኔቶች በየቀኑ የት እንዳሉ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ እና ካልኩሌተር
- ወረቀትና ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች

1. የልደት ሰዓቱን አጣሩ

ይህ ደረጃ ሲዘለል የቀረው ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው። ምክንያቱን እንየው።

ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ገደማ ትሄዳለች። በሰዓት ሲሆን ሁለት ተኩል የዲግሪ ደቂቃ ያህል ነው። የልደት ሰዓታችሁ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ተመዝግቧል እንበል። የልደት ፀሐያችሁ በሁለት ተኩል ደቂቃ ወደፊት ትገፋለች። ዘንድሮም ፀሐይ እዚያ ነጥብ ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ይፈጅባታል። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ሰማዩ 15 ዲግሪ ይዞራል። ስህተቱ እንዳለ ወደ ሶላር ሪተርኑ ተላለፈ ማለት ነው። በትንሹ ሲታይ የ4 ደቂቃ ስህተት የሰማዩን አናት በአንድ ዲግሪ ያንቀሳቅሳል።

«ጠዋት አካባቢ ነው» የሚል መረጃ ብቻ ካላችሁ ቻርቱን ማውጣት ትችላላችሁ። አሴንዳንቱን፣ ሚድሄቨኑን ማለትም የሰማዩን አናት፣ እንዲሁም ቤቶቹን ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ የሕይወት ጉዳይ የሚወክሉትን አሥራ ሁለቱን የቻርቱን ክፍሎች ግን አታንብቡ። ፕላኔቶቹ እርስ በእርስና ከልደት ፕላኔቶቻችሁ ጋር ያላቸውን ርቀት ብቻ ተመልከቱ።

ፕሮግራሞች የሚያውቁት የጎርጎርዮሱን ቀንና ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የሰዓት ቆጠራ ነው። ሌላ አቆጣጠር የምትጠቀሙ ከሆነ ከማስገባታችሁ በፊት ለውጡት። የስድስት ሰዓት ስህተት ሶስት ኮከብ ያህል ያስጉዛል፤ ፕሮግራሙም ምንም ቅሬታ አያሰማም።

2. ፀሐይ የምትመለስበትን ደቂቃ አግኙ

ፕሮግራሙ በአንድ ክሊክ ይሠራዋል። ቢሆንም አንድ ጊዜ በእጅ ቢሰላ ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ እስከ መጨረሻው እሱን እንከተላለን። ሰውዬው ሲወለድ ፀሐይ በአሰድ 14 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ ነበረች። የልደት አሴንዳንቱ ሚዛን ነው። 30 ዓመት ሊሞላው ነው። ኤፈመሪሱ በኦገስት 6 እኩለ ሌሊት (በUTC) ፀሐይን አሰድ 13°51'40" ላይ፣ በማግስቱ እኩለ ሌሊት ደግሞ 14°49'05" ላይ ያሳያል እንበል።

```
የቀረው ርቀት   14°22'10" − 13°51'40" = 30'30" = 1830"
የቀኑ ጉዞ      14°49'05" − 13°51'40" = 57'25" = 3445"
ሰዓቱ          1830 ÷ 3445 × 24 = 12.749 = 12:45 UTC
```

ቅጽበቱ ኦገስት 6፣ 12:45 UTC ነው። የፕሮግራሙ መልስ ከዚህ በአንድ ሁለት ደቂቃ ቢለይ አትጨነቁ። በሰዓታት ከተለየ ግን ከሁለት አንዱ ተሳስቷል።

ብዙ ሰው «ልደቴ እኮ 7 ነው፣ ለምን 6 ይላል?» ይላል። ዓመቱ ልክ 365 ቀን ስላልሆነ ነው። ፀሐይ ዞራ የምትመለሰው በ365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ቅጽበቱ በየዓመቱ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እየቀረው ይዘገያል፤ ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሆነበት ዓመት ሲመጣ ደግሞ ወደኋላ ይመለሳል። ከልደት ቀን አንድ ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጤነኛ ነገር ነው።

3. ቦታውን ወስኑ

ቅጽበቱ ለመላው ዓለም አንድ ነው። ፕላኔቶቹም ለሁሉም በአንድ ዲግሪ ላይ ናቸው። የሚለያየው በዚያች ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ ላይ እየወጣ ያለው ዲግሪ ነው፤ አሴንዳንት የሚባለው እሱ ነው። አድማሱ ደግሞ እንደቆማችሁበት ቦታ ይለያያል።

ሰውዬአችን በኬክሮስ 30 ሰሜን፣ በኬንትሮስ 30 ምሥራቅ ላይ ቢሆን አሴንዳንቱ ቀውስ 14 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚያው ኬክሮስ ላይ ሆኖ ወደ ኬንትሮስ ዜሮ ቢሄድ አቅራብ 19 ገደማ ይሆናል። መግቢያው ላይ ያለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

ልዩነቱ በስም ብቻ አይደለም። በዚህ ቻርት ላይ ማርስ አቅራብ 20 ላይ ናት እንበል። ምዕራብ የሄደው ሰውዬ ማርስን አሴንዳንቱ ላይ ተሸክሞ ዓመቱን ይጀምራል፤ ኮከብ ቆጣሪዎች ይህን የግጭት፣ የጥድፊያና የጉልበት ዓመት አድርገው ያነቡታል። ምሥራቅ የቀረው ደግሞ ያችው ማርስ አሥራ ሁለተኛ ቤቱ ውስጥ ትገባለች። ንባቡም የተደበቀ ንዴት፣ ከጀርባ የሚሠራ ሥራ ወደሚለው ይዞራል።

የቱ ቦታ ይወሰድ? ኮከብ ቆጣሪዎች እዚህ ላይ አይስማሙም። አንዳንዱ የትውልድ ቦታን፣ አንዳንዱ የመኖሪያ ቦታን፣ ሌላው ደግሞ በዚያች ደቂቃ በአካል የተገኙበትን ቦታ ይወስዳል። እኔ የምጠቀመው የመጨረሻውን ነው። እናንተም አንዱን ያዙና በየዓመቱ በእሱ ቀጥሉ። ሦስቱንም አውጥቶ ደስ ያለውን መምረጥ ትንበያ አይባልም።

4. ሦስት ሴቲንጎችን ቆልፉ

*የዞዲያክ ዓይነት።* የልደት ቻርታችሁ በትሮፒካል፣ ማለትም ዞዲያኩን ፀሐይ በማርች የምድር ወገብን ከምትሻገርበት ነጥብ በሚጀምረው አቆጣጠር፣ ከወጣ ሶላር ሪተርኑም በትሮፒካል ይውጣ። አትቀላቅሉ።

*የፕሪሴሽን ማስተካከያ።* ፕሪሴሽን የዞዲያኩ መነሻ ነጥብ ከከዋክብቱ አንጻር ቀስ እያለ መንሸራተቱ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም ማስተካከያውን እንደ አማራጭ ያስቀምጣል። ከተከፈተ መመለሻው ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 20 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ለ30 ዓመቱ ሰውዬ አሥር ሰዓት ሆነ፤ ከነጭራሹ ሌላ ቻርት ነው። ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ኮከብ ቆጣሪዎች አሉ። ችግሩ ሳያውቁት ተከፍቶ ሲገኝ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በሶላር ሪተርኑ ላይ ያለችው ፀሐይ ከልደቷ ፀሐይ ጋር በዲግሪም በደቂቃም አንድ መሆን አለባት። በትሮፒካል ቻርት ላይ ካልገጠመች ማስተካከያው ተከፍቷል ማለት ነው።

*የቤት አከፋፈል።* በምሳሌያችን ላይ ይህ ነገር ብዙ ይለውጣል። አንድ ኮከብ አንድ ቤት በሚባለው አከፋፈል ፀሐይ ዘጠነኛ ቤት ትውላለች፤ ትምህርትና ሩቅ ጉዞ። ቤቶቹን በሰማዩ መዞሪያ ጊዜ በሚከፍለው በፕላሲደስ ግን ስምንተኛ ቤት ውስጥ ነች፤ ብድር፣ ውርስ፣ የጋራ ገንዘብ። የልደት ቻርታችሁን የምታነቡበትን አከፋፈል እዚህም ተጠቀሙ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያውን ይዤ እቀጥላለሁ።

5. አሴንዳንቱን በልደት ቻርቱ ላይ አስቀምጡ

ንባቡ የሚጀምረው እዚህ ነው። በአንዱ ቀለም የልደት ቻርቱን፣ በሌላው የዘንድሮውን አሴንዳንት ጻፉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ የዘንድሮው አሴንዳንት በልደት ቻርታችሁ ስንተኛ ቤት ላይ ወደቀ? ያ ቤት የዓመቱ መድረክ ተደርጎ ይነበባል።

የሰውዬው የልደት አሴንዳንት ሚዛን ነው። ሚዛን አንደኛ፣ አቅራብ ሁለተኛ፣ ቀውስ ሦስተኛ። ስለዚህ ዓመቱ የሦስተኛ ቤት ነው፦ ወንድምና እህት፣ ጽሑፍ፣ አጭር ጉዞ፣ ጎረቤት።

አሁን ዲግሪውን ተመልከቱ። በልደት ቻርቱ ላይ ሳተርን ቀውስ 15 ላይ ነበረች እንበል። የዘንድሮው አሴንዳንት 14 ላይ ስለሆነ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ይህ ከሁሉም በላይ ክብደት የሚሰጠው ዓይነት ግጥምጥሞሽ ነው፤ የልደት ፕላኔት በዓመቱ አሴንዳንት «ተነሣች» ይባላል። ሳተርን ኃላፊነት፣ መዘግየትና ልፋት ናት። ከሦስተኛ ቤት ጋር ሲገጣጠም ለምሳሌ የወንድም ወይም የእህት ሸክም ወደ እሱ ሊዞር ይችላል፤ ወይም ረጅም ጊዜ የተንጠለጠለ ጽሑፍ ካላለቀ አልለቅህም ይለዋል።

ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ ከበለጠ አልቆጥረውም። 5 ድረስ የሚፈቅዱ አሉ። ከዚያ በላይ ከተኬደ ግን የማይገጥም ነገር አይኖርም።

6. የአሴንዳንቱን ገዢ ተከተሉ

እያንዳንዱ ኮከብ ገዢ ፕላኔት አለው። የቀውስ ገዢ ጁፒተር ናት። አሴንዳንቱ መድረኩን ካሳየ፣ ገዢው ሰውዬው ጉልበቱን ወዴት ይዞ እንደሚሄድ ያሳያል ይባላል። ስለዚህ በሶላር ሪተርኑ ላይ ጁፒተርን ፈልጉ።

በምሳሌያችን ሑት 24 ላይ ናት። ከቀውስ ሲቆጠር አራተኛ ቤት ነው፤ ቤት፣ ወላጅ፣ መሬት። በዚያ ላይ የዚህ ቻርት የታችኛው ማዕዘን፣ ማለትም የሚድሄቨኑ ትይዩ፣ ሑት 26 ገደማ ላይ ነው። ጁፒተር ማዕዘን ላይ ቆማለች ማለት ነው። አሴንዳንት፣ ሚድሄቨን እና ትይዩዎቻቸው፣ አራቱም ማዕዘኖች፣ ላያቸው ላይ የቆመ ፕላኔትን ድምፁን ከፍ ያደርጉታል።

እስካሁን ያገኘነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «የወንድምና የጽሑፍ ጉዳይ ኃላፊነት ይዞ ይመጣል፤ ሰውዬው መፍትሔውን ቤቱና ቤተሰቡ ጋር ይፈልገዋል፤ እዚያም ይሰፋለታል።» መጻፉ ግዴታ ነው። ካልጻፋችሁት በስድስተኛው ወር የሆነውን አይታችሁ «ይህንንማ ብዬ ነበር» ማለታችሁ አይቀርም።

7. ፀሐይንና ጨረቃን ጨምሩ

ፀሐይ ያለችበት ቤት የዓመቱ ትኩረት ነው። እዚህ ዘጠነኛ ነው፤ ከሦስተኛው ጋር ደግሞ ትይዩ ነው። ጽሑፉ የትምህርት ጽሑፍ የመሆን ዕድሉ በንባቡ ከፍ አለ። ጨረቃ ያለችበት ቤት ስሜት የሚዋዥቅበትን ቦታ ያሳያል። ጨረቃ ገውዝ ላይ ብትሆን ሰባተኛ ቤት ነው፤ የትዳር ወይም የሽርክና ነገር።

ሜርኩሪና ቬነስ ላይ ብዙ አትቆዩ። ከፀሐይ ብዙ ስለማይርቁ ቦታቸው ከዓመት ዓመት በጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚለዋወጠው፤ ቬነስማ በየስምንት ዓመቱ እዚያው አካባቢ ትመለሳለች። ማዕዘን ላይ ካልቆሙ እለፏቸው።

8. ቀኖቹን አውጡ

ቻርቱ ምን እንደሆነ እንጂ መቼ እንደሆነ በራሱ አይናገርም። ቀላሉ ዘዴ ፀሐይን መከተል ነው። ከልደት እስከ ልደት መላውን ቻርት አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ በመንገዷ የቻርቱን ፕላኔትና ማዕዘን ስትነካ ያ ጉዳይ ይቀሰቀሳል ተብሎ ይወሰዳል።

ከአሰድ 14 እስከ አቅራብ 20 ድረስ 96 ዲግሪ ነው። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስለምትሄድ 97 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ኖቬምበር 12 አካባቢ ማርስ ላይ ትደርሳለች። ዲሴምበር 6 ገደማ አሴንዳንቱንና የልደት ሳተርንን በአንድ ላይ ትነካለች። በማርች አጋማሽ ጁፒተርንና የታችኛውን ማዕዘን ታገኛለች። ሦስቱን ቀኖች ካሌንደር ላይ አክብቡ፤ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ቀን ጨምሩ። ከዚህ በላይ ቀን ማብዛት ዓመቱን ሁሉ ማክበብ ነው።

ማስጠንቀቂያ

በዚህ ቻርት ስለ በሽታ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ፍርድ ቤት ውጤት አትናገሩ፤ ለራሳችሁም ለሌላም ሰው። ከላይ ያሉት ንባቦች የኮከብ ቆጣሪዎች የአነባበብ ሥርዓት ናቸው እንጂ በሳይንስ ተፈትነው የተረጋገጡ አይደሉም። መድኃኒት ማቋረጥ፣ ሥራ መልቀቅ ወይም ብድር መግባት በዚህ አይወሰንም።

«መጥፎ» ማርስን ለማምለጥ ብሎ በልደት ቀን አውሮፕላን የሚሳፈርም አለ። አሴንዳንቱ ይለወጣል፤ እውነት ነው። ማርስ ከፀሐይና ከልደት ፕላኔቶቻችሁ ጋር ያላት ርቀት ግን በአንዲት የዲግሪ ደቂቃ እንኳ አይለወጥም። የትኬቱን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

*የልደት ሰዓትን ለዘንድሮ መጠቀም።* ጠዋት 8:10 ስለተወለዱ ዘንድሮም ለ8:10 ቻርት የሚያወጡ አሉ። ያ ሶላር ሪተርን አይደለም። መለያው፦ አሴንዳንታችሁ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ይሆናል። ቦታ ካልቀየራችሁ ትክክለኛው አሴንዳንት በየዓመቱ ሦስት ኮከብ ያህል ወደፊት መዝለል አለበት። የሰውዬአችን የሚቀጥለው ዓመት አሴንዳንት እዚያው ቦታ ላይ ሑት 21 ገደማ ይሆናል፤ ከቀውስ ሦስተኛው ኮከብ።

*ሁለት ጊዜ የሰዓት ሰቅ መቀነስ።* ፕሮግራሙ ቦታውን አይቶ ራሱ ያስተካክላል። እናንተም በእጃችሁ ወደ UTC ለውጣችሁ ካስገባችሁት ድርብ ይሆናል። ፀሐይ በቻርቱ ላይ ያለችበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ቅጽበቱ ቀን ላይ ከሆነ ከአድማሱ በላይ፣ ሌሊት ከሆነ ከአድማሱ በታች መሆን አለባት። ከሰዓት በኋላ የወጣ ቻርት ላይ ፀሐይ ከታች ከተገኘች ተሳስታችኋል።

*ሶላር ሪተርኑን ለብቻው ማንበብ።* በዚያች ደቂቃ፣ በዚያች ከተማ የሚወለድ ሕፃን በሙሉ ይህንኑ ቻርት ይዞ ይወለዳል። የእናንተ የሚያደርገው ከልደት ቻርታችሁ ጋር ያለው ግንኙነት ብቻ ነው። አምስተኛውን ደረጃ ዘላችሁ ከመጣችሁ ተመለሱ።

*ቻርቱን ከጃንዋሪ 1 መጀመር።* ሰውዬአችን በጁላይ የሆነበትን ነገር በዚህ ቻርት ሊያብራራ ቢሞክር፣ ያ ጁላይ ከኦገስት 6 በፊት ከሆነ የሚነበበው ባለፈው ዓመት ሶላር ሪተርን ነው።